የዕድል መስመር የለሽም ተባለች፤ ነገ ጠዋት ውል አለብን፣ ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎው ልጅ
ሰላም ቤተሰቦች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት አራት ኪሎ ለምንከፍተው ሱቅ የኪራይ ውል ልንፈራረም ነው። ቀብድ ከፍለናል። ዛሬ ከሰዓት እህቴ መዳፍ የሚያነብ ሰው ጋ ሄዳ «የዕድል መስመር የለሽም፣ የራስ መስመርሽም ወደ ታች ወድቋል፣ የጀመርሽው አይጸናም» ብሏት መጣች። አሁን አልፈርምም ብላ በሯን ዘግታለች። እውነት ትርጉሙ ይሄ ነው? የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሚኪ ፒያሳ
ቀብዱ ከተከፈለ ዋናው መስመር ውሉ ላይ ከስማችሁ ፊት ለፊት ያለው ነው። እሱ ላይ ትፈርም።

ወለተ ማርያም
ሚኪ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም። ወንድሜ፣ እኔ ጥያቄህን ራሱን አልቀበለውም። ዘዳግም 18 ላይ ሟርትና ጥንቆላ በግልጽ ተከልክሏል። ዕድል ግንባር ላይ ተጽፏል እየተባልን አደግን። የአርባ ቀን ዕድል ነው ተባልን። አሁን ደግሞ መዳፍ ላይ ወረደ። ሰውየው ስለ ሱቃችሁ ምን ያውቃል? አካባቢውን አይቶታል? ኪራዩን ያውቃል? እህትህን ወደ ንስሐ አባቷ ውሰዳት፣ እሳቸው ያረጋጓታል። የመስመሩን ትርጉም መፈለግህ ራሱ ነገሩን ያከብደዋል።

የአራት ኪሎው ልጅ
እናቴ፣ እውነትዎን ነው። ግን አሁን «ያ ሰው ተሳስቷል» የሚል ነገር በራሱ ቋንቋ ካልነገርኳት አትሰማኝም። ንስሐ አባቷ ደግሞ ከከተማ ወጥተዋል።

ቤቲ ካዛንቺስ
አይዞህ! የኔ አክስትም እንዲህ ተብላ ነበር። በአውራ ጣቷ ዙሪያ የሚዞረው መስመር ግማሽ ላይ ይቋረጣል፣ ዕድሜሽ አጭር ነው አሏት። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ስለዚህ እህትህ አትሞትም።

የአራት ኪሎው ልጅ
ቤቲ፣ ኧረ ስለ ሞት አልተባለም። እሱ የሕይወት መስመር ነው። የኔ ጥያቄ ወደ መሃል ጣት ስለሚወጣው የዕድል መስመር ነው።

ጋሽ አንጓ
ልጄ፣ እኔ መዳፍ ማንበብ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያጠናሁት ነገር ነው። ገንዘብ ተቀብዬ አንብቤ አላውቅም። የጻፍከው ግን አይበቃም። ሰውየው የትኛውን እጇን ነው ያየው? በየትኛው እጇ ነው የምትጽፈው? ዕድሜዋ ስንት ነው? እጇን ዘርግታ ነው ወይስ ሰብሰብ አድርጋ ያሳየችው? ብርሃኑስ?

ዘላለም
ጋሽ አንጓ ከመመለሳቸው በፊት እኔ ልበል። የዕድል መስመር የሚመጣው በሥራ ነው። እጅ ሲሠራ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ መስመር ይወጣል። መስመር የሌለው ያልሠራ ሰው ነው። እህትህ ትሥራ፣ ይወጣላታል።

ሲስተር ሀ
ዘላለም፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። መስመሮቹ በእርግጥ መታጠፊያዎች ናቸው። ነገር ግን ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ፣ የሕይወት፣ የራስና የልብ መስመር የሚሏቸው፣ የሚሠሩት በእናት ማህፀን ነው፣ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ላይ ታይተዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ይዟቸው ይመጣል። ያልሠራ ሰው መስመር የለውም የሚለው ስለዚህ አይሄድም።

ወደ መሃል ጣት የሚወጣው ግን ከሦስቱ አይደለም። ቆዳው ወደ ጎን ሲሰበሰብ የሚፈጠር ቀጭን እጥፋት ነው። በአንዱ ሰው ጥልቅ ነው፣ በአንዱ ፈዛዛ ነው፣ በብዙ ሰው ደግሞ ጨርሶ የለም። ማዋለጃ ክፍል ስሠራ የስንቱን ሕፃን መዳፍ አይቻለሁ። እኛ ልብ ብለን የምናየው የላይኛው የልብ መስመርና ከሥሩ ያለው የራስ መስመር የሚሉት አንድ ሆነው መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሲቆርጡት ነው። እሱም ቢሆን በጤነኛ ሰው ላይም አለ፣ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የመሃሉ መስመር መኖር አለመኖርን ማንም ሐኪም አይመዘግበውም።

ሚኪ ፒያሳ
የስልክ መብራት ከጎን አብራባትና እይ። ከላይ ካበራህ ፈዛዛ መስመር ይጠፋል።

የአራት ኪሎው ልጅ
ጋሼ፣ ይቅርታ ቸኩዬ ነው። ያየው ግራ እጇን ብቻ ነው። «ለሴት ግራ ነው» ብሏታል። የምትጽፈው በቀኝ ነው። ዕድሜዋ 34 ነው። ልብስ ሰፊ ናት፣ መቀሱም መርፌውም በቀኝ ነው። አምፖል ሥር እጇን ለጥ አድርጋ ዘርግታ ነው ያሳየችው። የራስ መስመሯ ከሕይወት መስመር ጋር ተጣብቆ ይጀምርና ወደ መዳፏ የውጭ ጠርዝ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። ሰውየው እዚህ ላይ ነው ፊቱን ያጨማደደው።

ዘላለም
ጎን ላይ አብራ። መብራቱን ከጎን።

ሚኪ ፒያሳ
እሱን እኮ ነው ያልኩት።

ጋሽ አንጓ
አሁን ገባኝ። በተራ ልሂድ።

አንደኛ፣ ለሴት ግራ ለወንድ ቀኝ የሚለው የህንዶች አሮጌ ወግ ነው። በአውሮፓ በኩል ደግሞ የማትሠራበት እጅ ይዘሽው የመጣሽውን፣ የምትሠራበት እጅ ያደረግሽውን ያሳያል ይላሉ። በሁለቱም በኩል ጥሩ አንባቢ ሁለቱንም እጅ ሳያይ «የለም» አይልም። ሰውየው ግማሹን ብቻ አይቶ ነው የፈረደው።

ሁለተኛ፣ ይሄን መስመር ብዙ ሰው ከአንጓ ጀምሮ ብቻ ይፈልገዋል። እዚያ ካጣው የለም ይላል። በወጉ ግን መነሻው ብዙ ነው። ከሕይወት መስመር ሊነሳ ይችላል፣ ያኔ ቤተሰብ ረድቶት ወይም ይዞት የጀመረ ሰው ይባላል። ከመዳፉ የውጭ ጠርዝ ከወፍራሙ ሥጋ ሊነሳ ይችላል፣ ያኔ የሌላ ሰው እጅ፣ የሕዝብ መውደድ ይባላል። ከራስ መስመር ሊነሳ ይችላል፣ ያኔ ሰውየው ዘግይቶ በራሱ ጭንቅላት የቆመ ነው ይላሉ። ስለዚህ ቀኝ እጇን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጽዋ እንደምትይዝ፣ መብራቱን ከትንሿ ጣት በኩል አብርተህ ከመዳፉ መሃል ወደ መሃል ጣት ያለውን ተመልከት።

ሦስተኛ፣ ጨርሶ ባይኖርስ? በወጉ ውስጥ ራሱ ሁለት ቃል አለ። የመሃል ጣት የፕላኔቷ የሳተርን ነው ይባላል። ሳተርን ደግሞ ግዴታ፣ ሸክም፣ ከውጭ የሚጫን ነገር ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚናገረው ሰውን ይዞ ስለሚሄድ መንገድ ነው እንጂ ስለ ጥሩና መጥፎ ዕጣ አይደለም። መስመሩ ከሌለ፣ የተቀደደ ቦይ የለውም፣ የራሱን ይቀድዳል ይላሉ። አንዳንዶቹ ይሄን ሰው በገዛ እጁ የቆመ ብለው ያመሰግኑታል። በ1936 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሞተው የአየርላንዱ ስመ ጥር አንባቢ ኪሮ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል፣ ግን ኑሯቸው ጣዕም ይጎድለዋል ባይ ነበር። እነሱን ያልወደዳቸው እሱ እንኳ «አይሳካላቸውም» አላለም። «የጀመርሽው አይጸናም» የሚለውን ሰውየው ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ በጥንቱ ወግ ግን የዚህ ንባብ ቦታ ሌላ ነው። መስመሩ ኖሮ ቁርጥራጭ ሲሆን ነው እንዲያ የሚሉት። የሌለ መስመር ቁርጥራጭ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ የራስ መስመሯ። ማዘቅዘቅ መውደቅ አይደለም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ የራስ መስመር የሂሳብ ሰው፣ የሚያዘቀዝቀው የሐሳብና የእጅ ጥበብ ሰው ይባላል። ልብስ ሰፊ ላይ ብታየው ማንም አንባቢ አይገርመውም። አንባቢ ፊቱን የሚያጨማድደው እስከ አንጓው ድረስ ቁልቁል ሲወርድ ነው፣ ያኔ ትካዜ ያነሳሉ። ከሕይወት መስመር ጋር ተጣብቆ መጀመሩ ደግሞ ጥንቃቄ ነው። ተጣብቆ ረጅም ሲሄድ ሌላ ሰው ሲናገር ቶሎ የሚደነግጥ ይባላል። እህትህ በዚህ ንባብ እንኳ ደፋር ሰው ሳትሆን የምትፈራ ሰው ናት። ሰውየው ይሄን አይቶ ከሆነ ማስደንገጥ አልነበረበትም።

ወለተ ማርያም
ጋሽ አንጓ፣ እውቀትዎን አከብራለሁ። ግን አንዱን ንባብ በሌላ ንባብ መመለስዎ ነገ ሦስተኛ ሰው ሌላ ቢላትስ?

ጋሽ አንጓ
እሜቴ፣ ልክ ነዎት፣ ይላታል። ለዚህ ነው ልጁ እንዲያይ የምፈልገው፣ እሷ እንድታምን አይደለም። ያ ሰው በራሱ ወግ እንኳ አልሠራም የሚለውን ካየች ፍርሃቷ ይላላል ብዬ ነው።

ዘላለም
አንባቢዎች መስመሩ ላይ ዕድሜ ይቆጥራሉ፤ ከራስ መስመር የሚነሳ ከሆነ ዕድሉ ከ35 ዓመት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። 34 ናት፣ አንድ ዓመት ትጠብቅ!

ጋሽ አንጓ
ዘላለም፣ አትቸኩል። መስመሩ የራስን መስመር የሚያቋርጥበትን አንዳንዶች 35 ይሉታል፣ ሌሎች 30 ይሉታል። በሁለት አንባቢ መካከል አምስት ዓመት ልዩነት ያለው መለኪያ ይዘህ ውል አታዘገይም።

የአራት ኪሎው ልጅ
በሯን ከፈተች! አሁን አብረን አየነው። ግራ እጇ ላይ እውነትም ምንም የለም። ቀኝ እጇን ሰብሰብ ስታደርግ፣ ከራስ መስመር መሃል ተነስቶ ወደ መሃል ጣት የሚወጣ ቀጭን ነገር አለ። የልብ መስመር ጋ ትንሽ ይፈዝና ይቀጥላል። ሲዘረጋ ይጠፋል። የመቀስ ምልክት እንዳይሆን ግን ጠርጥረናል፣ አውራ ጣቷ ሥር ብዙ ጭረት አለ።

ሲስተር ሀ
የመቀስ ጠንካራ ቆዳ ከሆነ ይሻክራል፣ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። እጥፋት ግን ቆዳውን ስትለጥጠው ይሰወራል፣ ስትሰበስበው ይመለሳል። አንተ የነገርከው እጥፋት ነው የሚመስለው።

ጋሽ አንጓ
ጥርጣሬ ካለ በቀለም አትሙት። የማኅተም ቀለም መዳፏ ላይ በስሱ ቀቡ፣ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ፣ ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርጉ። ፎጣው ከሌለ የመዳፉ መሃል ጎድጓዳ ስለሆነ አይታተምም። የእናንተ መስመር ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ሚኪ ፒያሳ
ቆይ፣ ማንም ውሉን አልጠየቀም። አራት ኪሎ ብዙ ቤት ፈርሷል። አከራዩ የቤቱ ባለቤት መሆኑን፣ ቦታው በልማት የማይነሳ መሆኑን አጣራችሁ? ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቃችኋል? ካልፈረማችሁ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ይቀራል? እኔ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

የአራት ኪሎው ልጅ
ካርታውን አይተናል፣ ፎቶኮፒ ነው ግን። ወረዳ አልሄድንም። ስለ ቀብዱ በቃል ብቻ ነው የተነጋገርነው።

ሚኪ ፒያሳ
ዋናውን ካርታ ሳታዩ አትፈርሙ። 4 ሰዓት ከመድረሱ በፊት ወረዳው ይከፈታል።

ቤቲ ካዛንቺስ
ጋሽ አንጓ፣ እኔም እጄን አየሁ። የኔ መስመር የመሃል ጣቴ ውስጥ ድረስ ገብቷል! ይሄ በጣም ጥሩ ነው አይደል?

ጋሽ አንጓ
ልጄ፣ በወጉ እንደዚያ አይነበብም። መስመሩ ከጣቱ ሥር ቆሞ ሲቀር ነው የሚወደደው። ጣቱ ውስጥ ሲገባ ነገሩን ከልክ ያለፈ ያደርገዋል፣ ሰው ሲመራ ሲመራ የሚመራቸው ይነሱበታል ይላሉ። አንቺ ግን ማንን ትመሪያለሽ?

ቤቲ ካዛንቺስ
ሦስት ወንድሞቼን። ኧረ አስደነገጡኝ።

ሲስተር ሀ
የአራት ኪሎው ልጅ፣ ፈረማችሁ? ወረዳስ ምን አሉ?