ጥቆማ፦ 10,000 ብር ለ5 ዓመት የት ላስቀምጥ? (ቱሉ ዲምቱ)

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ ሰላም ለናንተ፣ ለልጄ ትምህርት 10,000 ብር ለ5 ዓመት ሳልነካው ላስቀምጥ ነበር። ሰፈር ያለው ባንክ 7 ፐርሰንት አለኝ፣ የመስሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማህበር ደግሞ 8። ማህበሩ አይሻልም?

አስካለ፦ ማህበር በይ እህቴ! እኛ ስንት ዓመት እዛው ነን፣ ሰዉ ራሱ ደስ ይላል፣ ለቅሶ ሲኖር እንኳን አብረው ነው የሚደርሱልሽ።

የገላን ልጅ፦ እኔ በጊዜ ገደብ አስቀምጬ እናቴ ስትታመም ጊዜው ሳይደርስ አወጣሁ፣ የተነገረኝን ወለድ ከለከሉኝ፣ ውል ላይ አለ አሉኝ፣ ማን ያነባል ያንን ሁሉ ወረቀት?? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሚሚ፦ ውይ አይዞህ፣ እናትህ ተሻላቸው?

የገላን ልጅ፦ ተሽሏታል ተመስገን።

ጋሽ ተካ፦ አስካለ፣ ማህበራችሁ ለቅሶ መድረሱን ሰማን፣ ወለዱን እንዴት እንደሚያስብ ግን አልነገርሽንም። ልጄ፣ ፐርሰንቱን ብቻ አትዪ። ወለዱ በየዓመቱ ዋናው ላይ ይደመራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልተደመረ 8ቱ በዓመት 800 ነው፣ ሁሌም 800፣ በ5 ዓመት 14,000 ትደርሻለሽ። ባንኩ ግን ከደመረ መጀመሪያ 700 ነው፣ በሁለተኛው ዓመት 10,700 ላይ ስለሚያስብ 749፣ እንዲህ እያለ አምስተኛው ላይ 14,025 ይሆናል። በአራተኛው ዓመት ማህበሩ 13,200፣ ባንኩ 13,108 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ባንኩ የሚቀድመው አምስተኛው ላይ ነው። ቀድመሽ የምታወጪ ከሆነ ማህበሩ።

ዮኒ፦ ኮምፓውንድ ነው እኮ፣ በ10 ዓመት እጥፍ ይሆናል።

ጋሽ ተካ፦ በ7 ፐርሰንት እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ትንሽ አይበቃውም፣ 19,671 ነው የሚደርሰው። ሲምፕል ቢሆን፣ ማለትም ወለዱ ዋናው ላይ ካልተደመረ፣ 17,000። ልዩነቱ የሚሰፋው ሲቆይ ነው፣ በ5 ዓመት 525 ብር ብቻ ነው። ደግሞ ወለዱን በየዓመቱ እያወጣሽ ለበዓል ከበላሽው ኮምፓውንድ የሚባል ነገር የለም፣ ሲምፕል ሆነ ማለት ነው። ከወለዱ ግብር ይቆረጣል፣ ስለዚህ ከዚህ ትንሽ ያንሳል።

ሰዓዳ፦ እኔ ወለድ አልፈልግም፣ ከወለድ ነፃ መስኮት ያለው ቅርንጫፍ ለገጣፎ የት ነው?

የቱሉ ዲምቱ እናት፦ ጋሽ ተካ እግዜር ይስጥልኝ። ባንኩ በየወሩ ነው የምንደምረው ካለኝስ?

ጋሽ ተካ፦ ያኔ ትንሽ ይጨምራል፣ 14,176 አካባቢ። በ150 ብር ያህል ነው የሚሻለው፣ ለሱ ብለሽ ሩቅ ቅርንጫፍ አትመላለሺ፣ ታክሲው ይበላዋል። ማህበሩም ይደምር እንደሆን ግን ጠይቂ፣ 8 ላይ ከደመረ 14,693 ነው፣ ጨዋታው ተለወጠ።

አስካለ፦ አላልኩም? ማህበር!

ጋሽ ተካ፦ ከደመረ ነው ያልኩት።

የገላን ልጅ፦ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰራ ቅርንጫፍ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የሚያውቅ አለ?