ሊኒያር መሆኑን ሳላውቅ ስላለፍኩት የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የአንደኛ ኦርደር ሊኒያር ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን y' + P(x)y = Q(x) በሚለው መልክ ተስተካክሎ ሲቀርብልኝ ኢንተግሬቲንግ ፋክተሩን አግኝቼ እስከ መጨረሻው ለመሥራት አልቸገርም፤ የሚያስቸግረኝ ዓይነቱን መለየት ነው። ለፈተና ስዘጋጅ ያጋጠመኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

dy/dx = y/(x + y³)

x እና y³ በመደመር ስለተያያዙ ለያይቼ ልሠራው አልቻልኩም፤ y³ ስላለበትም ሊኒያር አይደለም ብዬ ተውኩት። ወደ y dx − (x + y³)dy = 0 ቀይሬ ኤግዛክት መሆኑን ስፈትሽ ደግሞ አንዱ ወገን 1፣ ሌላው −1 ሆነብኝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ክፍልፋዩን ገልብጬ dx/dy − x/y = y² ብዬ ስጽፈው ለካ ሊኒያርነቱ በ x ኖሯል! ኢንተግሬቲንግ ፋክተሩ 1/y ሆኖ x/y = y²/2 + C፣ ማለትም x = y³/2 + Cy አገኘሁ፤ መልሼ ሳጣራውም ትክክል ነው።

ይሁንና ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ በፈተና ላይ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ የለም። ጥያቄውን ገና ሳነብ መገልበጥ እንዳለብኝ የሚጠቁመኝ ምልክት ምንድን ነው? x ያለ ፓወር አንድ ጊዜ ብቻ መታየቱ በቂ ነውን? በተጨማሪም x ዜሮ እስካልሆነ ድረስ y = 0 የመጀመሪያውን ኢኩዌሽን ያሟላል፤ ነገር ግን በ y ሳካፍል ስለጠፋ የትኛውም C አይመልሰውም። ለብቻው መጻፍ ይኖርብኝ እንደሆነ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።