የአክስቴ ጠረጴዛ ላይ የጀበና ነጭ ክብ ቀረ፤ እስከ ነገ ማታ ድረሱልኝ

የደሴዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አክስቴ ለቅሶ ወልድያ ሄዳ ቤቱን ለእኔ ትታልኝ ነበር። ዛሬ ቡና አፍልቼ ጀበናውን ያለ ማቶት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሳነሳው ነጭ ክብ! በእርጥብ ጨርቅ ባሸው ባሸው አልለቅ አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ላስደስታት ብዬ የጣውላውን ወለል በባልዲ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙና አጥቤላት ነበር። አሁን የጣውላዎቹ ጠርዝ ጠርዝ ተነስቷል። ነገ ማታ ትመጣለች፤ ምን ላድርግ?

የሳላይሽ ልጅ፦ ማቶት ለጌጥ መስሎሽ ነበር? 😂 አንቺ ወልድያ ሂጂ፣ አክስትሽ ደሴ ትቅር።

እናት ዓለም፦ ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ይህን የሚነግራችሁ ጠፋ። ለማንኛውም ከምድጃ የደቀቀ አመድ በዘይት ለውሺና አጥብቀሽ እሺው፣ ይለቃል።

ቢላል፦ የጥርስ ሳሙና ቀቢበት። ነጩን ዓይነት።

አናጢው፣ ኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ምንም ሳትቀቢ መጀመሪያ ቀለሙን ንገሪኝ። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ነው የታሰረው፣ እንጨቱ ገና አልተነካም። ጥቁር ከሆነ ግን ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ገብቷል፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። ላዩን በጣትሽ ስትዳስሺው ልሙጥ ነው ወይስ ሻክሯል? እማማ ያሉት አመድ ትክክል ነው፤ የጥርስ ሳሙናውም ሥራው ያው ነው። ሁለቱም ግን የሚሠሩት ላዩን በመፋቅ ስለሆነ «አጥብቀሽ» ካሽው ነጩ ሄዶ በምትኩ የደበዘዘ ክብ ይቀርልሻል።

የደሴዋ፦ ነጭ ነው ጋሼ፣ እንደ ጉም። ልሙጥ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ የእኔ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለው ጥቁር ነው። ቫዝሊን፣ ሎሚ፣ በረኪና፣ ሁሉንም ሞከርኩ። በረኪናው ዙሪያውን አነጣው፣ መሃሉ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አሁን ዓይን ይመስላል።

አናጢው፣ ኮምቦልቻ፦ የሐይቁ፣ ያንቺን ቫርኒሹን ገፎ እንጨቱን የሚያይ ሰው ይያዘው። በረኪናውን ተይው።

የደሴዋ፣ ካውያ አለሽ? ውስጡ ውሃ ካለ አፍስሺው፣ እንፋሎቱን አጥፊው፣ ሙቀቱን መጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርጊው። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሁለት እጥፍ አድርገሽ ክቡ ላይ አንጥፊ። ካውያውን ሦስት አራት ሴኮንድ እያንቀሳቀስሽ አሳልፊበትና ጨርቁን ገልጠሽ እይ። ነጩ ከዳር ጀምሮ ሲሳሳ ታያለሽ። ካልጠፋ እንደገና አጭር አጭር አድርጊ። ጨርቁ ያዝ ካደረገ ወይም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ከሸተተሽ ወዲያው አቁሚ፣ ቫርኒሹ እየለሰለሰ ነው። መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ሞክሪው።

ቢላል፦ የጥርስ ሳሙና ይሻላል እያልኩ ነው።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ እኔ የማይገባኝ የወለሉ ነገር ነው። ወለል ያለ ውሃ እንዴት ይጸዳል? እኛ በየቅዳሜው በባልዲ ነው የምናጥበው፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።

የሳላይሽ ልጅ፦ ሰፈርህ ስሙ ቧንቧ ውሃ ሆኖ ምን ልትል ኖሯል 😂

አናጢው፣ ኮምቦልቻ፦ የእናንተ ሲሚንቶ ይሆናል ወንድም፣ ወይም ቫርኒሽ የጠገበ ጣውላ። ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ክብ ሆኖ ከቆመ ላዩ ተሸፍኗል፣ ጠቆር አድርጎ ከጠጣው ባዶ እንጨት ነው። ባዶ እንጨት መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ሊደርቅ ትንሽ እስኪቀረው በተጨመቀ ጨርቅ በእንጨቱ መስመር ይወለወላል። ወዲያው ሌላ ደረቅ ጨርቅ ይከተለዋል። ዱቄት ሳሙና ከገባ በኋላ ከቀዳዳው አይወጣም፣ እዚያው ቆሻሻ እየያዘ ወለሉን ያጠቁረዋል።

ጠርዙ የተነሳው ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ ነው። መስኮት ክፈቺና በራሱ ጊዜ ይድረቅ፤ ከሰል አታቅርቢለት፣ ይሰነጠቃል። አናጺ ጠርተሽም ቶሎ አታስልጊው! አሁን ጠርዙ ከተላገ ሲደርቅ መሃሉ ጉብ ይላል። በደሴ ብርድ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከ ነገ ማታ ይተኛል ብዬ አልዋሽሽም።

እናት ዓለም፦ በነጭ ጋዝ ወልውዪው፣ ያብረቀርቃል።

አናጢው፣ ኮምቦልቻ፦ እማማ፣ የቡና ከሰል በሚነድበት ቤት? ተዉ እባክዎ።

የደሴዋ፦ ከጠረጴዛው ሥር ሞክሬው ደህና ነበር። ላዩን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩበት፣ በአንድ በኩል ግማሽ ጨረቃ ያህል ጠፋ ወላሂ! ሦስተኛውን ስል መብራት ሄደ 😭

ቢላል፦ የከሰል ካውያ የለም?

አናጢው፣ ኮምቦልቻ፦ በጭራሽ! ሙቀቱን አትቆጣጠሪውም፣ ብልጭታው ደግሞ አዲስ ጉድ ያመጣብሻል። ለቀረው ክፍል ቫዝሊን በስሱ ቀብተሽ እደሪ፣ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ከካውያው ያነሰ ነው የሚሠራው፣ ግን አይጎዳም። መብራት ከመጣ ደግሞ ቫዝሊኑን በደንብ ሳትጠርጊ ካውያ እንዳታሳርፊበት።

ሐይቅ ዳር፦ የእኔን ዓይን ፎቶ ልላክ?

የሳላይሽ ልጅ፦ የደሴዋ፣ አክስትሽ ገቡ እንዴ?