የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ፈተናዬ ብሉፕሪንት የለውም ተብሎ ተመለሰ፣ ነገ ጠዋት ይባዛል

ጠያቂዋ (አዳማ)
እባካችሁ ቶሎ። የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና 40 ምርጫ አውጥቼ አስረከብኩ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው መለሰው። «ምዕራፍ 1 በዝቷል፣ ሁሉም ሽምደዳ ነው፣ ብሉፕሪንት አያይዢ» አለኝ። ነገ ጠዋት ማባዣ ክፍል መግባት አለበት። ጥያቄዎቹን በየምዕራፉና በየደረጃው የሚያከፋፍለው ሰንጠረዥ እንዴት ነው የሚሞላው? የተሞላ ያላችሁ ላኩልኝ።

ባለጠመኔው
ብሉፕሪንት እኮ ከጥያቄው በፊት ነው የሚሠራው። ቤት ከተሠራ በኋላ ፕላን አይሳልም። ጥያቄ ካወጣሽ በኋላ የምትሞይው ሰንጠረዥ ለፋይል ብቻ ነው። ኃላፊውም ወረቀቷን ካየ ዝም ይላል፣ ተማሪው ግን ያው ፈተና ይደርሰዋል።

የቦኩ ልጅ
የ12ኛ ብሔራዊ ፈተና ብሉፕሪንት ነው የምትፈልጊው? እሱ ከትምህርት ቤት አይወጣም።

ጠያቂዋ
ኧረ የራሴ የትምህርት ቤት ፈተና ነው! 11ኛ ክፍል።

ጡረተኛው
ልጄ፣ የሰው ሰንጠረዥ አትለምኚ። የሌላ ትምህርት ቤት ክፍፍል ላንቺ ክፍል አይሆንም። ሁለት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለየምዕራፉ ስንት ክፍለ ጊዜ አስተማርሽ? ፈተናውስ ስንት ደቂቃ ነው?

ጠያቂዋ
ጋሼ፣ ከዓመት እቅዴ ላይ አቶሚክ ስትራክቸር 20፣ ቦንዲንግ 18፣ ፊዚካል ስቴት 12። ፈተናው 80 ደቂቃ ነው።

ፍራንኮ አካባቢ
በመጽሐፉ ገጽ ብዛት አካፍዪው፣ ቀላል ነው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው። ከዛ ሽምደዳ 30 በመቶ፣ መረዳት 30፣ መተግበር 30፣ መተንተን 10 ብለሽ እያንዳንዱን ምዕራፍ በዚያ ታባዢያለሽ። አለቀ።

ጡረተኛው
በመቶኛ ማሰቡ ጥሩ ነው፣ ገጽ መቁጠሩ ግን አይሆንም። ሥዕልና ሰንጠረዥ የበዛበት ምዕራፍ ገጹ ብዙ ነው፣ የተማሩት ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ክፍለ ጊዜ ይሻላል። ድምሩ 50 ነው፣ እያንዳንዱን ለ50 አካፍለሽ በ40 አባዢ። 16፣ 14.4 እና 9.6 ይመጣል። ስለዚህ 16፣ 14፣ 10። ድምሩ 40 ሆነ።

ወደ ውስጥ ስትገቢ ግን አንዱን መቶኛ በሁሉም ምዕራፍ አታባዢ። ለምዕራፍ 1 ሞክሪው፦ 4.8፣ 4.8፣ 4.8፣ 1.6። ስታጠጋጊው 17 ጥያቄ ይሆንብሻል። ቁጥሩ እንኳ ቢገጥም ምዕራፎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የጋዝ ሕጎች ስሌት ይፈልጋሉ። ቦንዲንግ ላይ ደግሞ ዋናው ሥራ የሞለኪውሉ ቅርጽ ለምን እንደዛ እንደሆነ መረዳት ነው። መጀመሪያ የዳር ድምሮቹን ያዢ፣ መካከሉን የትምህርቱን ዓላማ እያየሽ ሙዪ። እኔ ብሆን ሽምደዳ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን በሚል ቅደም ተከተል እንዲህ አደርገዋለሁ፦

አቶሚክ፦ 5፣ 5፣ 5፣ 1
ቦንዲንግ፦ 3፣ 7፣ 2፣ 2
ፊዚካል ስቴት፦ 2፣ 2፣ 5፣ 1

ወደ ታች ስትደምሪ 10፣ 14፣ 12፣ 4 ይመጣል። ይህ የእኔ ግምት ነው። ሌላ ዓላማ ላይ ያተኮርሽ ከሆነ ቀይሪው፣ ድምሮቹ ብቻ አይፍረሱ።

አሁን የያዝሻቸውን 40 ጥያቄዎች አንድ በአንድ በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ መድቢ። የትኛው ሣጥን እንደሞላና የትኛው ባዶ እንደሆነ ቁጥሩ ይነግርሻል። ባለጠመኔው፣ ከጥያቄ በኋላ ቢሠራም የጎደለውን ካሳየና ከተስተካከለ ለፋይል ብቻ አይደለም።

የሀዋሳ ፊዚክስ
እኛ ጋ ባለፈው ሁሉንም ስሌት አደረግነውና ግማሹ ክፍል ሳይጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ደቂቃውንም ቁጠሪ። ሽምደዳና መረዳት ለአንዱ 1 ደቂቃ፣ መተግበር 2 ተኩል፣ መተንተን 3 ብትዪ፣ በጋሼ ሰንጠረዥ 24 እና 30 እና 12፣ በድምሩ 66 ደቂቃ ነው። መልስ ወረቀት ለመሙላት 14 ይተርፋል። ፔሬዱ 60 ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር።

ጠያቂዋ
መደብኳቸው። አቶሚክ 14፣ 6፣ 4፣ 0። ቦንዲንግ 6፣ 4፣ 1፣ 0። ፊዚካል ስቴት 3፣ 1፣ 1፣ 0። ኃላፊው እውነቱን ነው። ግን በአንድ ሌሊት 40 ጥያቄ እንደ አዲስ አላወጣም!

ጡረተኛው
14 ነው የምትቀይሪው። ከአቶሚክ 9 ሽምደዳና 1 መረዳት ይወጣል፣ 1 መተግበርና 1 መተንተን ይገባል። ከቦንዲንግ 3 ሽምደዳ ይወጣል፣ 6 ይገባል። ከፊዚካል ስቴት 1 ሽምደዳ ይወጣል፣ 6 ይገባል። የሚወጣውም የሚገባውም 14።

የቦኩ ልጅ
አዳማ በዚህ ሙቀት ሌሊት ቢሠራም ላብ ነው 😄 በርቺ እህቴ።

ጠያቂዋ
ምሳሌ ስጡኝ እስቲ። «የአዮናይዜሽን ኢነርጂ ትርጉም የትኛው ነው» የሚል አለኝ። እሱን ወደ መተግበር እንዴት ልቀይረው?

ጡረተኛው
ትርጉሙን ተዪውና ቁጥር ስጫቸው። «የአንድ ኤለመንት ሦስቱ ተከታታይ አዮናይዜሽን ኢነርጂዎች 738፣ 1451 እና 7733 ኪሎጁል በሞል ናቸው። በየትኛው ግሩፕ ይገኛል?» ከሁለተኛው በኋላ ያለውን ትልቅ ዝላይ ያየ ልጅ IIA ይላል። ማግኒዥየም ነው። IA እና IIIA የሚሉትን አማራጮች አትርሺ። ዝላዩን አንድ ቦታ አዛንፎ የሚቆጥር ልጅ እዚያ ይወድቃል።

ለጋዝ፦ «3 ሊትር ጋዝ በ27 °C ነበረ። ግፊቱ ሳይቀየር 127 °C ቢደርስ መጠኑ ስንት ይሆናል?» መልሱ 4 ሊትር ነው። 14.1 የሚል አማራጭ አስገቢ፣ ሴልሽየሱን ወደ ኬልቪን ሳይቀይር የሠራ እሱን ያገኛል። 2.25ም ይኑር፣ ሬሾውን የገለበጠ ይመርጠዋል። ስታርሚ ማን የት እንደተሳሳተ ታያለሽ።

ፍራንኮ አካባቢ
ቦንዲንግ ላይ «BF₃ ለምን ፖላር አልሆነም» የሚል አስገቢ፣ መተንተን ይሆንልሻል።

ጡረተኛው
ክፍል ውስጥ ሠርተሽው ከሆነ አይሆንም። ደብተራቸው ላይ ያለ ጥያቄ ምንም ያህል ከባድ ቢመስል ሽምደዳ ነው። የአንድ ተማሪ ደብተር ተዋሺና አስተያዪ። BF₃ን ካስተማርሽ NF₃ን አጠገቡ አድርጊና «ሁለቱም ሦስት ቦንድ አላቸው፣ ለምን አንዱ ብቻ ፖላር ሆነ?» በዪ። ናይትሮጅን ላይ ያለውን ያልተጋራ ጥንድ ኤሌክትሮን ራሱ ማስታወስና ቅርጹን ማሰብ አለበት። ጥያቄውን አታርዝሚ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ አምስት መስመር ከሆነ የምትፈትኚው ንባቡን ነው።

ባለጠመኔው
እሺ፣ አካሄዱ ገባኝ። ግን የአዮናይዜሽኑ ጥያቄ ለእኔ መተንተን ነው፣ ቁጥሮች እያነጻጸረ ነዋ። ሁለት መምህር ሁለት ቦታ የሚያስቀምጠው ከሆነ ሰንጠረዡ ምን ያህል ይታመናል?

ጡረተኛው
ጥሩ ነጥብ ነው። ዝላዩን እንዴት እንደሚያነቡ ክፍል ውስጥ ካሳየቻቸው መተግበር ነው፣ ካላሳየቻቸው ያንተ ይሻላል። ለዚህ ነው ሌላ የኬሚስትሪ መምህር የእሷን ምደባ ሳያይ ለብቻው ቢመድብ የምወደው። በተለያዩበት ጥያቄ ላይ ይነጋገራሉ። ዛሬ ማታ ጊዜ ከሌላት ቢያንስ አራቱን የመተንተን ጥያቄዎች ለአንድ ሰው ታሳይ።

የሀዋሳ ፊዚክስ
አራት መተንተን ለ11ኛ ክፍል አይበዛም እንዴ? በእኛ ክፍል ቢሆን ሁለት እንኳ ይከብዳቸዋል።

ጠያቂዋ
ያሳየሁት ፔሬድ ትዝ አይለኝም፣ የልጆቹን ደብተር ልይ። ዘጠኙን ቀይሬያለሁ። የፊዚካል ስቴት አራት መተግበርና አንዱ መተንተን ነው የቀረኝ፣ ጋዝ ላይ ሌላ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ።

የቦኩ ልጅ
ዳልተንን አስገቢ። ሁለት ጋዝ በአንድ ዕቃ፣ የአንዱ ሞል 1፣ የሌላው 3፣ ጠቅላላ ግፊቱ 8 አትሞስፌር። የመጀመሪያው ብቻውን ስንት ነው? 2 ይመጣል።