ነገ ጠዋት ቀረጻ አለን፣ ካሜራማኑ ሾት ሊስቱ አልገባኝም አለ

ማሂ ከገርጂ
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቀረጻ እንጀምራለን። ካሜራማኑ አሁን ደውሎ ሾት 4 እና ሾት 9 ግልጽ አይደሉም አለኝ። ዕቃ አከራዩም እስከ ማታ 2 ሰዓት ምን እንደምንወስድ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። የጻፍኩት ይኼ ነው፦

«ሾት 4፦ ካሜራው ከእናትየው እጅ ወደ ፊቷ ፓን ያደርጋል። ከዚያ ግቢው እስኪታይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጁ ይገባል።»
«ሾት 9፦ ካሜራው ወደ ላይ ይወጣል።»

ምኑ ነው ያልገባው? እንዴት ላስተካክለው?

ቶሚ
ከእጅ ወደ ፊት ፓን አይባልም፣ ቲልት ነው። ፓን ወደ ጎን ሲዞር ነው። «ወደ ኋላ ይሄዳል» ያልሽውን ዙም አውት ብለሽ ጻፊው፣ ያው ነው። ካሜራ በሀዲድ ለሚገፋበት ዶሊ ብር አታባክኚ።

ሰሚር
የእኔም ካሜራ ቲልት እምቢ ብሏል። በስልክ ሳዘው ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ታች ግን ንቅንቅ አይልም። የግቢ በር ላይ ነው የሰቀልኩት። መፍትሔ ያላችሁ?

ቶሚ
ሰሚርዬ፣ ይኼ የፊልም ጉዳይ ነው። ያንተን ሌባ ካልሆነ ማንም ዳይሬክት አያደርገውም 😄

ጋሽ ግሪፕ
ማሂ፣ ቲልቱ ላይ ቶሚ ልክ ነው። ዙሙ ላይ ግን አይደለም። ከመልሴ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። እናትየዋ ምን ላይ ነው የተቀመጠችው? የግቢው በር ከእሷ ምን ያህል ይርቃል? በስንት ሌንስ ነው የምትቀርጹት?

ማሂ ከገርጂ
ዱካ ላይ ተቀምጣ ቡና ታፈላለች። በሩ ከኋላዋ ነው፣ 6 ሜትር ገደማ። ሌንሱ 50 ነው። ከፊቷ ለካሜራ 4 ሜትር ቦታ አለን።

የፕሮዳክሽን ሰው
እኔ እንኳን ጥያቄው ራሱ አልተስማማኝም። ዳይሬክተር ፓን፣ ቲልት እያለ የሚጽፈው ለምንድን ነው? ተመልካቹ ምን ማየት እንዳለበት ጻፊ። እንዴት እንደሚታይ የካሜራማኑ ሥራ ነው። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ስትጽፊለት እጁን ታስሪዋለሽ።

ጋሽ ግሪፕ
ስክሪፕት ላይ ቢሆን እስማማለሁ። ይኼ ግን ሾት ሊስት ነው። አከራዩ ዕቃ የሚጭነው በዚህ ወረቀት ነው። «ወደ ኋላ ይሄዳል» የሚለውን አንዱ ዙም ብሎ ሲያነበው ሌላው ዶሊ ብሎ ካነበበው፣ ጠዋት ሀዲድ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሂ። በዙምና በዶሊ መሃል ያለውን ልዩነት ባንቺው ግቢ ላሳይሽ። ካሜራው ከእናትየዋ 1 ሜትር ላይ ይጀምርና ወደ ኋላ 4 ሜትር ላይ ይድረስ። ለእሷ ርቀቱ አራት እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ በምስሉ ላይ ሩብ ታክላለች። በሩ ግን መጀመሪያ 7 ሜትር ላይ ነበር፣ መጨረሻ ላይ 10 ሜትር ይሆናል። ከመጠኑ የሚያጣው ሲሶውን እንኳን አይሞላም። እናት ታንሳለች፣ በሩ ግን ብዙም አይቀንስም። ልጁ በዚያ በር ሲገባ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በዙም ግን እናትም በርም እኩል ይቀንሳሉ። ሥዕል ከሩቅ የማየት ያህል ነው። የትኛውን ነው የምትፈልጊው?

ማሂ ከገርጂ
የመጀመሪያውን! በሩ እንዲጎላ ነው ሐሳቤ።

ጋሽ ግሪፕ
እንግዲያው ዶሊ አውት ነው። እንዲህ ጻፊው፦

«ሾት 4። 50 ሌንስ፣ የካሜራ ከፍታ 90 ሳንቲ ሜትር። መነሻ፦ የእናት እጅና ጀበናው፣ ከ1 ሜትር። ካሜራው በቦታው ሆኖ በ4 ሰከንድ ቲልት አፕ፣ ፊቷ ላይ ይቆማል። 2 ሰከንድ ይጠብቃል። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ዶሊ አውት 3 ሜትር በ8 ሰከንድ። መድረሻ፦ እናት በቀኝ በኩል፣ በሩ በግራ፣ ልጁ በሩ ውስጥ። ፎከስ እስከ መጨረሻው እናት ላይ።»

መነሻ ፍሬምና መድረሻ ፍሬም ካልተጻፈ የእንቅስቃሴው ስም ብቻውን አይበቃም። «ዶሊ አውት» ብቻ ብትዪው ካሜራማኑ 1 ሜትርም 10 ሜትርም ሊሄድ ይችላል። ፎከሱን አትዝለዪው። በዶሊ ርቀቱ ስለሚቀየር ፎከስ የሚጎትት ሰው መኖር አለበት፣ መሬት ላይም ምልክት ይደረግለት።

ሄለን ኤዲተር
ከኤዲቲንግ ወንበር አንድ ልመና። እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላ 3 ሰከንድ ካሜራው ዝም ብሎ ይቁም። ይኼንንም ሾት ሊስቱ ላይ ጻፉት። ብዙ ካሜራማኖች እንቅስቃሴው እንዳለቀ ያጠፉታል፣ እኔ ጋ ሲደርስ መቁረጫ ቦታ የለውም። ሌላ ሾት ላይ ፓን ካላችሁ ደግሞ አታፍጥኑት። አንድ ነገር ከፍሬሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር 7 ሰከንድ ገደማ ካልወሰደበት ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በተለይ ቋሚ ነገር፣ ምሰሶና የበር ጠርዝ ላይ ያስታውቃል። ሰው እየተከተላችሁ ከሆነ ግን ዓይን ሰውየው ላይ ስለሚሆን ፈጠን ቢልም ያልፋል።

ቶሚ
ከእጅ ወደ ፊት ቲልት በዪው ብያለሁ እኮ መጀመሪያውኑ።

ማሂ ከገርጂ
አመሰግናለሁ ሁላችሁም!! ሾት 9ስ? አከራዩ ካሜራ ወደ ላይ የሚያነሳውን ክንድ፣ ጂቡን ልጫን ወይ እያለኝ ነው፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ጋሽ ግሪፕ
መጨረሻ ላይ ምን እንዲታይ ነው የፈለግሽው?

ማሂ ከገርጂ
ልጁ ግቢው ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ከአጥሩ ማዶ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች። አጥሩ 2 ሜትር ገደማ ነው።

ጋሽ ግሪፕ
ሰማይ ብቻ ቢሆን ቲልት አፕ በስታንድ ይበቃሽ ነበር፣ ብርም አያስወጣም። ከአጥር ማዶ ለማየት ግን ካሜራው ራሱ ከአጥሩ በላይ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ በጂብ ክሬን አፕ ነው። «ክሬን አፕ» ብቻ ብለሽ ከተውሽው ግን ካሜራው ሲወጣ ልጁ ከፍሬሙ ግርጌ ይወድቅና ጣሪያ ብቻ ይቀርሻል። «ክሬን አፕ እስከ 3 ሜትር በ10 ሰከንድ፣ እየወጣ ቲልት ዳውን፣ ልጁ በፍሬሙ ታችኛው ሲሶ ላይ ይቆያል» በዪው።

ጂብ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ቅስት ይሠራል። 2 ሜትር ክንድ ከአግድም ተነስቶ 60 ዲግሪ ሲደርስ ካሜራው 1 ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። ከኋላ ያለውን ቦታ አስለኪ። ለክብደት ማመጣጠኛውም በቂ ቦታ ይኑር።

የፕሮዳክሽን ሰው
ወይም ጂቡን ተዪው። ጎረቤት ሰገነት ካለው ከዚያ ላይ በቋሚ ካሜራ ቅረጹት። እንቅስቃሴ የሌለው ሾትም ሾት ነው።

ጋሽ ግሪፕ
የሰውየው ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ከልጁ ፊት ተነስቶ ወደ ላይ መውጣቱ ግን አይኖርም። ዳይሬክተሯ ትወስን።

ማሂ ከገርጂ
ሾት 4ን እንዳለ ገልብጬ ላክሁለት፣ «አሁን ገባኝ» አለ። ዶሊውንና 3 ሜትር ሀዲድ አስያዝኩ። ጂቡን ገና እያሰብኩበት ነው። ግቢው ኮብልስቶን ነው፣ ሀዲዱ ይቀመጣል?

ጋሽ ግሪፕ
3 ሜትር አይበቃሽም! ካሜራው 3 ሜትር የሚሄደው ዶሊው ላይ ሆኖ ነው፣ ዶሊው ራሱ የሚቆምበት ርዝመት አለ። ቢያንስ ሌላ 1 ሜትር ጨምሪ። ኮብልስቶን ላይ ይቀመጣል፣ ግን ሽብልቅ እንጨት ብዙ ያዙ፣ በውሃ ልክ እያያችሁ አስተካክሉት። ከመቅረጻችሁ በፊት ካሜራውን ሳትጭኑ ሰው አስቀምጣችሁ ግፉት። የሚንጓጓ ድምፅ ከሰማችሁ መገጣጠሚያው ላይ ነው።

ሰሚር
የእኔን የሚመልስልኝ የለም?