የጋራ ስም ለኩሽኔታ አስመጪዎች፦ የረቂቅ ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ የአባላት ኩሽኔታ በአንድ የጋራ ስም እንዲሸጥ ተስማምተናል። የቀረው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለው ነው። ሐሳባችሁን ጻፉ።

አስመጪ፣ መርካቶ፦ ዓርማውን በትልቁ እናሳትም፣ ለየፋብሪካው ካላንደር እንላክ። መሐንዲሱ በየቀኑ የሚያየውን ስም ይለምደዋል።

የሞተር ጥገና መሐንዲስ፦ ይለምደዋል፤ ግን የለመደውን ሁሉ ስፔሲፊኬሽን ላይ አያሰፍርም። ሞተሩ ሲቆም የሚጠየቀው እሱ ነው። 6312 የሚባለውን ኩሽኔታ እንውሰድ። ውስጡ 60፣ ውጭው 130፣ ስፋቱ 31 ሚሊ ሜትር ነው። 6312 ሲ3ም በዚሁ ልክ ስለሚሠራ ደረሰኝ ላይ «6312» ብቻ ሲባል የመጋዘኑ ሰው አይለያቸውም። ልዩነቱ በኳሱና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ መደበኛው ከ8 እስከ 28 ማይክሮን፣ ሲ3 ደግሞ ከ23 እስከ 43። ሞተር ሲሠራ የውስጡ ቀለበት ከውጭው ይበልጥ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ክፍተቱንም ይበላዋል። ሲ3 ለሚፈልግ ሞተር መደበኛው ከተገጠመ የኩሽኔታው ቤት ከልክ በላይ ይግላል፣ ግሪሱ ይጠቁራል፣ ሲፈታ የኳሱ መንገድ ቀለም ቀይሮ ይገኛል። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ «የእነሱ አይረባም» ይባላል። ስማችን የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉው ኮድ በሳጥኑ፣ በፕሮፎርማውና በደረሰኙ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

አስመጪ፣ መርካቶ፦ እሺ፣ ኮዱ ይስተካከል። ግን ግዥ ክፍል የሚያየው ዋጋ ብቻ አይደለም ወይ?

የሽያጭ መሐንዲስ፦ ጨረታው ከወጣ በኋላ አዎ። መሥራት ያለብን ከዚያ በፊት፣ ጥገና ክፍሉ ዓመታዊ የመለዋወጫ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ ነው። ለእያንዳንዱ ኮድ አንድ ገጽ መረጃ እንስጠው፦ ልኬት፣ ክፍተት፣ የክዳን ዓይነት፣ የሚተካቸው ኮዶች። ከእያንዳንዱ ጭነትም ጥቂት ናሙና ተለክቶ ውጤቱ ከጭነት ቁጥሩ ጋር ይቀመጥ፤ ቅሬታ ሲመጣ ቁጥሩን ይዘን የትኛው ጭነት እንደሆነ እናውቃለን። ከልክ የወጣውን በጋራ ስም አለመሸጥ ግዴታ ይሁን፤ ይህ ካልተፈረመ ስሙን ባንጀምረው እመርጣለሁ።

ቺንጋ አስመጪ፦ እኛስ? ቺንጋም በውስጥ ርዝመት ተለክቶ በሌላ ርዝመት ሲታዘዝ ሁልጊዜ ይመለሳል።

የሽያጭ መሐንዲስ፦ እህቴ፣ ችግሩ አንድ ነው፤ ግን የኩሽኔታው መለኪያ ለቺንጋ አይሆንም። ለሁለተኛው ዙር ብናቆየው ይሻላል።

ቺንጋ አስመጪ፦ መዋጮው እኩል ከሆነ አልስማማም።

አስተባባሪ፦ የመዋጮው ነገር ለብቻው ይታይ። በረቂቁ የሚገባው፦ ሙሉ ኮድ፣ የመረጃ ገጽ፣ የጭነት ቁጥር። ካላንደሩ ከረቂቁ ተሰርዟል። የሥራችን መለኪያ የዚህ ዓመት ሽያጭ አይሁን፤ የፋብሪካዎች የግዥ ውሳኔ ቀርፋፋ ስለሆነ ያሳስተናል። ከጨረታ በፊት የመረጃ ገጹን የጠየቁና ኮዳችንን በዝርዝራቸው ያሰፈሩ ፋብሪካዎችን በየሩብ ዓመቱ እንቁጠር። ናሙናውን የሚለካ ሰው ገና ያስፈልገናል፤ ማይክሮሜትር ብቻውን ክፍተቱን አያሳይም።