የወንድሜ ነጭ የደም ሴል 186,000 ሆነ፤ አኪዩት ነው ክሮኒክ?

ጠያቂ (የደሴዋ): ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ለወራት ግራ ጎኑን ይከብደው ነበር፣ ትንሽ በልቶ ይጠግባል፣ ኪሎም ቀንሷል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ሲሠራ ነጭ የደም ሴሉ 186,000፣ ሄሞግሎቢኑ 10.1፣ ፕሌትሌቱ 540,000 ሆነ። ሐኪሙ ጣፊያው አብጧል፣ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ይመስላል ብሎ ስሚር አሠራ፣ ደሙ በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ አሁን ደግሞ ቦንማሮው፣ ማለትም የአጥንቱ መቅኔ፣ ይወሰድ አለን። ስሚሩ ካለ ይሄ ለምን ያስፈልጋል? እናታችን «ወገቡን ወግተው ሽባ ያደርጉብኛል» ብላ እያለቀሰች ነው።

መኮንን: እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ቁጥሩ እንዲህ ከወጣ በፍጥነት የሚብሰው አኪዩት ነው። የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ ጀምሮት በሳምንታት ውስጥ ነው የጠናበት። ቀስ ብሎ የሚሄደው ክሮኒኩ የሽማግሌ በሽታ ነው። አትዘግዩ።

የሜሪላንዱ: አባቴ ክሮኒክ ነው የተባለው፣ ቦንማሮው ግን አልተነካም። ከክንዱ ደም ወስደው ሴሎቹን በማሽን በሚለየው ፍሎ ሳይቶሜትሪ ለዩት፤ እስካሁንም ያለ መድኃኒት በክትትል ላይ ነው። ለምን ልጁን ያሰቃዩታል?

ሄማቶሎጂ ክፍል የምሠራ: አትዘግዩ ያለው ወንድማችን ልክ ነው፣ በቁጥሩ ግን አልስማማም። አኪዩት ሆኖ ነጭ የደም ሴሉ 3,000 ብቻ የሆነ ሰው በየጊዜው እናያለን። የሚለየው በስላይዱ ላይ የትኞቹ ሴሎች እንዳሉ ነው። በአኪዩት ሴሎቹ ማደግ ስላቆሙ ብላስት የምንላቸው ጨቅላ ሴሎች ይበዛሉ፤ በእነሱና በበሰሉት መካከል ያለው ደረጃ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፕሌትሌቱም ብዙ ጊዜ ወርዶ ድድ ይደማል፣ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል። ክሮኒክ ማይሎይድ በሚባለው ግን ከጨቅላው እስከ ጎልማሳው ሁሉም ደረጃ በአንድ ስላይድ ላይ ይታያል፤ ባዞፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴልም ይጨምራል። ይህኛው በወጣትም ይመጣል። የአባትዎ፣ የሜሪላንዱ፣ ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ይመስለኛል፤ እሱ በአብዛኛው ከክንድ ደም ይለያል። እህቴ፣ የስሚሩን ወረቀት ጻፊልን።

የደሴዋ: ከመቶ ማይሎሳይት 18፣ ባዞፊል 7፣ ብላስት 2 ይላል። ቀሪው ኒውትሮፊልና መሰል ነው። ደም አልፈሰሰውም።

ሄማቶሎጂ ክፍል የምሠራ: ማይሎሳይት በመካከለኛው ደረጃ ላይ ያለ ሴል ነው፤ ከጣፊያውና ከፕሌትሌቱ ጋር ሳየው ወደ ክሮኒክ ማይሎይድ ያዘነብላል። ግን ወረቀት አይቼ አልወስንም፤ ከባድ ኢንፌክሽንም ነጭ የደም ሴልን ያንራል፣ ምንም እንኳ እዚህ ድረስ መድረሱና ባዞፊል አብሮት መጨመሩ ያልተለመደ ቢሆንም። የሚያረጋግጠው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለው የጂን ምርመራ ነው፤ እሱ ከክንድ ደምም ይሠራል።

ታዲያ ቦንማሮው ለምን? በሽታው የት ደረጃ እንደደረሰ ለማወቅ ነው። ደሙ ላይ ብላስት 2 ሆኖ መቅኔው ውስጥ ብዙ ሊሆን ይችላል። 20 ከመቶ ከደረሰ ክሮኒኩ ወደ አኪዩት መሰል ደረጃ ተሸጋግሯል ማለት ነው፤ ሕክምናውም ይለወጣል። የክሮሞዞም ምርመራውም ከዚያው ናሙና ይሠራል።

ለእማማ ንገሪያት፦ መርፌው የጀርባ አጥንት ላይ አይገባም፤ ኋላ ባለው የዳሌ አጥንት ላይ ነው፣ ነርቭ ገመዱም እዚያ የለም። በማደንዘዣ ቆዳውና የአጥንቱ ልባስ ይደነዝዛል። የመቅኔው ፈሳሽ ሲመጠጥ ለሰከንዶች ያማል፤ ያንን ማደንዘዣው አያስቀረውም። መጀመሪያ የሚመጠጠው ጥቂት ፈሳሽ ወዲያው ስላይድ ላይ መቀባት አለበት፤ ብዙ ሲመጠጥ በደም ይቀጥናል፣ የብላስቱም ቁጥር ያሳስታል። ከዚያ በወፍራም መርፌ ትንሽ የአጥንት ዘንግ ይወጣል፤ ይህ ፈሳሽ አልመጣ ሲል ያድናል፣ መቅኔው በጠባሳ መሰል ነገር ተይዞ እንደሆነም ያሳያል። ዘንጉ እስኪለሰልስ ስለሚቆይ ውጤቱ ከስላይዱ ቀናት ይዘገያል፤ ጠፍቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ፋሲካ: እኔ ተሠርቶልኛል። ቁስሉን ተጭነው ከያዙት በኋላ ተንጋልዬ ቆየሁ፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ዳሌዬ ግን ለቀናት እንደተመታ ሆኖ ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለው አስቀድማችሁ ንገሩ።

መኮንን: እሺ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ፕሬድኒሶሎን ቢወስድ ጉዳት አለው? ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰው ያዝለታል።

ሄማቶሎጂ ክፍል የምሠራ: እባካችሁ፣ ሐኪሙ ሳያዝ አይደረግ። ነገሩ ሊምፎይድ አኪዩት ሆኖ ቢገኝ፣ ከናሙና በፊት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ብላስቱን ሊያሳንሰው ይችላል፤ ያኔ ምን እንደነበር ለማወቅ ይቸግረናል። የማየት ብዥታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

የደሴዋ: ቢሲአር-ኤቢኤሉ እዚህ አይሠራም አሉን።

ሄማቶሎጂ ክፍል የምሠራ: ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል፤ ሲዘገይ ግን የጂን ናሙና ይበላሻል። ስለዚህ ከመወሰዱ በፊት የሚቀበለው ላብራቶሪ በየትኛው ቱቦና በስንት ሰዓት ውስጥ እንዲደርሰው እንደሚፈልግ ሐኪሙ ደውሎ ይጠይቅላችሁ። ወይ ወንድምሽ ራሱ ሄዶ እዚያው ይቀዳ፤ የቱ እንደሚቀል እናንተ ናችሁ የምታውቁት።